ለጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሚላክ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ፦ መልስ የሚያገኝ ኢሜይል እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ አዲስ አበባ የሚታተም፣ እሑድ እሑድ የሚወጣ አንድ ጋዜጣ የሐዋሳ ሐይቅን ብክለት እንዴት እንደዘገበ ያጠናል። የ2015፣ የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. ዕትሞችን አገላብጬ 31 ዘገባ አግኝቻለሁ። 19ኙ መግለጫ ወይም ዐውደ ጥናት ተከትለው የወጡ ናቸው፤ ዓሣ አስጋሪ የተናገረባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል የተዘገቡ ናቸው። አሁን ዋና አዘጋጁን ማነጋገር አለብኝ። የሚከተለውን ኢሜይል ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልኬ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ መልስ የለም። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

*ርዕስ፦ ትብብር ስለመጠየቅ*
*ለክቡር ዋና አዘጋጅ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስሆን ለመመረቂያ ጽሑፌ ማሟያ ይሆነኝ ዘንድ ከእርስዎ ጋር ቃለ መጠይቅ ማድረግ ስለፈለግሁ አስፈላጊውን ትብብር ሁሉ ያደርጉልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስምዎ በሚስጥር ይያዛል። ስለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።*

ምላሽ፦ እህቴ፣ ኢሜይልሽ ጨዋ ነው። ግን ዋና አዘጋጁ አንብበው ሲጨርሱ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኙበትም። ስለ ምን ልትጠይቂያቸው እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደምትወስጂባቸው፣ በአካል ይሁን በስልክ፣ መቼ ይሁን፣ የሚናገሩት ነገር የት እንደሚወጣ አልተነገራቸውም። መልስ ለመስጠት መጀመሪያ እሳቸው አንቺን መጠየቅ አለባቸው። ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ መቶ ኢሜይል ይደራረብበታል።

ከርዕሱ እንጀምር። «ትብብር ስለመጠየቅ» በወረቀት ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» ብለን የምንጽፈው የቢሮ ልማድ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ርዕሱ ባይናገርም ሰው ያነበዋል። በስልክ ላይ ግን የሚታየው የርዕሱ መጀመሪያ አምስት ስድስት ቃል ነው። ለጋዜጣ ደግሞ በየቀኑ የማስታወቂያ፣ የስፖንሰርና የ«ዜና ሥሩልን» ትብብር ይጠየቃል፤ የአንቺም ከእነዚያ ጋር ተቆጠረ። እንዲህ በዪው፦ «የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ለመመረቂያ ጥናት፦ የሐዋሳ ሐይቅ ዘገባችሁ»። «ለመመረቂያ ጥናት» የሚለው የግድ ነው፤ አለዚያ ቃለ መጠይቁን ሌላ መገናኛ ብዙኃን ሊያወጣው የፈለገ ይመስላቸዋል፤ ለዚያ ደግሞ የሚሰጡት መልስ ሌላ ነው።

«ክቡር» የሚለው ለሚኒስትርና ለአምባሳደር ነው። «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብለሽ የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው ጻፊ። ስሙን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ጋዜጦች የአዘጋጆቻቸውን ስምና ኃላፊነት ከገጾቻቸው በአንዱ ጥግ፣ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ያትማሉ። የመጨረሻውን ዕትም ተመልከቺ፤ የሁለት ዓመቱን ዕትም አይተሽ በለቀቁ ሰው ስም ብትጽፊ ጋዜጣውን እንደማታነቢ በራስሽ እጅ መሰከርሽ። ሣጥኑ ውስጥ ዋና አዘጋጅም ማኔጂንግ ኤዲተርም ካሉ የዘገባ ምርጫን በተመለከተ የምትፈልጊው ዋና አዘጋጁን ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ላኪ። ለአራት ሰው በአንድ ጊዜ የተላከ ጥያቄ አራቱም አንዱ ይመልሳል ብለው ይተዉታል።

«ለመመረቂያ ጽሑፌ ማሟያ ይሆነኝ ዘንድ» የሚለው ሐረግ ከልማድ የመጣ ነው፤ ለተቀባዩ ግን «አንተ ለፎርማሊቲ ነህ» እንደማለት ነው። በሱ ምትክ እጅሽ ላይ ያለውን ትልቁን ሀብት አስገቢ፤ የሦስት ዓመት ዕትም አገላብጠሽ 31 ዘገባ አንብበሻል። የጋዜጣውን ሥራ በዚህ ልክ ያነበበ ሰው ለአዘጋጅ ብዙ ጊዜ አይጽፍለትም፤ መልስ የሚያስገኝልሽም ከምንም በላይ ይህ ነው።

ነገር ግን 31ን ጻፊ፤ 19ኙንና ሁለቱን አትጻፊ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ «ከ31 ዘገባ ዓሣ አስጋሪ የተናገረው በሁለቱ ብቻ ነው» የሚል ኢሜይል የደረሰው አዘጋጅ ጥያቄ ሳይሆን ክስ እንደደረሰው ይሰማዋል። ሁለተኛውና ለጥናትሽ የሚከፋው፣ ቢስማሙ እንኳ መከላከያ አዘጋጅተው ነው የሚመጡት። አንቺ የምትፈልጊው ሐዋሳ ላይ የሆነ ነገር ዜና መሆን አለመሆኑን በተለመደው ሳምንት እንዴት እንደሚወስኑ ነው። ግኝትሽን አስቀድመሽ ከነገርሻቸው የምትሰሚው የተለመደውን አሠራር ሳይሆን ለግኝትሽ የተሰጠ ምላሽ ይሆናል። ስለዚህ አኀዙን ለቃለ መጠይቁ መጨረሻ አቆዪው፤ መጀመሪያ «ከአዲስ አበባ ውጭ ዘጋቢ ለመላክ ስትወስኑ ምን ምን ታያላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ለሁለቱ የአሞራ ገደል ዘገባዎች ዘጋቢ እንዴት እንደተላከ አስተርኪያቸው፤ ከዚያ 19ኙን አውጥተሽ አሳዪያቸውና ምን እንደሚሉ ስሚ። ያኔ ሁለት ዓይነት መረጃ በእጅሽ ይገባል፤ አሠራራቸውም፣ ስለ አሠራራቸው ያላቸው አስተያየትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ «ስምዎ በሚስጥር ይያዛል» ብለሻል። ይህን ቃል ልትጠብቂው አትችይም። የጋዜጣው ስም በጽሑፍሽ ርዕስ ላይ ካለ «ዋና አዘጋጁ እንደተናገሩት» ያልሽ ጊዜ ማንም ሰው ያንን ትንሽ ሣጥን አይቶ ስማቸውን ያገኛል። ጋዜጣውን «ጋዜጣ ሀ» ብትዪው እንኳ የዘገባዎቹን ርዕሶች በአባሪ ስለምታስቀምጪ አንዱን ርዕስ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው ይደርስበታል። አዲስ አበባ ውስጥ እሑድ የሚወጣ የአማርኛ ጋዜጣ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። አዘጋጅ ማለት የምንጭን ስም መቼ መጥቀስ፣ መቼ መደበቅ እንደሚገባ ሲወስን የሚውል ሰው ነው፤ ይህን ቀዳዳ ወዲያው ያየዋል። አይቶም ወይ ነገሩን አላሰበችበትም ይላል፣ ወይ ደግሞ ቃሏን አትጠብቅም ብሎ ይጠረጥራል።

የምትጠብቂውን ቃል ስጪ። ለዚህ ጥናት የሚስማማው እንዲህ ነው፦ በስማቸውና በኃላፊነታቸው ይጠቀሳሉ፤ በንግግሩ መካከል «ይህ አይጠቀስ» ያሉት ነገር ግን በጽሑፉ አይገባም፤ ቃል በቃል የምትጠቅሻቸው ዓረፍተ ነገሮች ከማስረከብሽ በፊት ይላኩላቸዋል፤ የተሳሳተ ካለ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ያርማሉ። እዚህ ላይ ወሰኑን በግልጽ አስቀምጪ፤ የምትልኪው የራሳቸውን ጥቅስ ነው፤ ትንታኔሽን አይደለም። ይህን ካላልሽ ምዕራፉን በሙሉ አሳዪኝ የሚል አዘጋጅ ይገጥምሻል፤ አዘጋጅ ደግሞ እጁ የገባ ጽሑፍ ላይ ቀይ ብዕር ሳያነሣ አይመልስም። ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንደሚቀመጥና ኢንተርኔት ላይም ሊወጣ እንደሚችል አሁኑኑ ንገሪያቸው። ድምፅ የምትቀጂ ከሆነ ቅጂውን ማን እንደሚሰማውና መቼ እንደሚጠፋ ተናገሪ። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ ትምህርት ክፍልሽ ያጸደቀው የስምምነት ቅጽ «ስም አይገለጽም» የሚል ከሆነ ኢሜይሉና ቅጹ ይጋጫሉ። ከአማካሪሽ ጋር ቅጹን አስተካክላችሁ ካበቃችሁ በኋላ ነው ኢሜይሉ የሚላከው።

እንግዲህ ኢሜይሉ ይህን ይመስላል፤ በቅንፍ ያለውን አንቺ ሙዪው።

> ርዕስ፦ የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ለመመረቂያ ጥናት፦ የሐዋሳ ሐይቅ ዘገባችሁ
>
> ለአቶ (ስም ከነአባት)፣ የ(ጋዜጣው ስም) ዋና አዘጋጅ
>
> ጤና ይስጥልኝ።
>
> (ስም ከነአባት) እባላለሁ፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የ(ትምህርት ክፍል) የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ጋዜጣችሁ የሐዋሳ ሐይቅን ብክለት እንዴት እንደዘገበ ይመለከታል። ለዚህም የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. የወጡትን ዕትሞች አይቼ በጉዳዩ ላይ 31 ዘገባ አግኝቻለሁ። ከጽሑፎቹ ላገኘው ያልቻልኩት ግን ውሳኔው በዝግጅት ክፍሉ እንዴት እንደሚደረግ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ የአካባቢ ጉዳይ እንዴት ለዘገባ እንደሚመረጥ፣ ዘጋቢ መቼ እንደሚላክ፣ ቦታና ገጽ እንዴት እንደሚሰጠው። ይህን ሊነግሩኝ የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ስለ ዜና ምንጮቻችሁ ማንነት አልጠይቅም።
>
> ማክሰኞ ኅዳር 23 ወይም ረቡዕ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ ቢሆን፣ በቢሮዎ መጥቼም ሆነ በስልክ ዝግጁ ነኝ። ሁለቱም ቀን ካልተመቸዎት እርስዎ የሚመርጡትን ቀን እቀበላለሁ።
>
> በጥናቱ ውስጥ በስምዎና በኃላፊነትዎ ይጠቀሳሉ። «አይጠቀስ» ያሉትን አልጽፍም። ቃል በቃል የምጠቅሰውን ከማስረከቤ በፊት እልክልዎታለሁ፤ ስህተት ካለ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ሊያርሙ ይችላሉ። ከፈቀዱ ድምፅ እቀዳለሁ፤ ቅጂውን የምንሰማው እኔና አማካሪዬ ብቻ ነን፤ ጥናቱ ተመዝኖ ሲያልቅ ይጠፋል። የተጠናቀቀው ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ኢንተርኔት ላይም ሊወጣ ይችላል።
>
> የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤና የጥያቄዎቼን ዋና ዋና ነጥቦች አያይዣለሁ። አማካሪዬ ዶ/ር (ስም) ናቸው፤ በ(ኢሜይል) ሊያገኟቸው ይችላሉ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> (ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል)

ርዝመቱ አያስጨንቅሽ። ጥያቄው፣ ደቂቃውና ጉዳዩ ከሰላምታው ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ስላለቁ፣ የቀረውን የሚያነበው ለመፍቀድ የተቃረበ ሰው ነው። 40 ደቂቃ ስትዪ ደግሞ ከልብሽ ይሁን። ሰፊ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አንዱ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ጥያቄሽ ከስምንት አይብለጥ። ሃያ ጥያቄ ይዘሽ ገብተሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ግማሹ ላይ ብትሆኚ ዋናው የ19ኙ ዘገባ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል።

ዜና ምንጮችን አልጠይቅም ያልሽበት ዓረፍተ ነገር ትርፍ እንዳይመስልሽ። ስለ ብክለት የሚያጠና ሰው ሲመጣ አዘጋጅ የሚፈራው አንዱ ነገር መረጃውን ማን ሰጣችሁ መባልን ነው፤ ፋብሪካን ወይም መሥሪያ ቤትን የሚነካ ዘገባ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ያንን በር አስቀድመሽ ስትዘጊው የቀረው ንግግር ይከፈታል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፊ፤ «ከጠዋቱ» የሚለውንም አትተዪ። ቀጠሮውን በስልክ ካላንደር ወይም በዙም ስትልኪ ግን ስክሪኑ 10:00 AM ነው የሚያሳየው፤ 4:00 ብለሽ ከሞላሽ ጥሪው በእኛ ሌሊት አሥር ሰዓት ይሆናል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 23 ቀን 2018 ካላንደሩ ላይ December 2, 2025 ነው።

የላክሽበት ቀንም ዕድልሽን አጥብቦታል። እሑድ የሚወጣ ጋዜጣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገጽ እየዘጋ ነው፤ ያን ቀን የገባ ኢሜይል ሰኞ ሲመጣ ከሥር ተቀብሯል። ሰኞ ብዙ ጊዜ የሳምንቱ ዕቅድ የሚወጣበት ነው። ስለዚህ ለዚህ ጋዜጣ የሚሻለው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ በአብነቱ ላይ ላሉት ቀጠሮዎች ኅዳር 9 ብትልኪው የሁለት ሳምንት ጊዜ ይኖራቸዋል። ስሌቱ በየጋዜጣው ይለያያል፤ ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ስለሚወጣ ሐሙስ ይሻላል፣ ቅዳሜ ለሚወጣው ለአዲስ አድማስ ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ። እንደ አዲስ ዘመን ላለ ዕለታዊ ጋዜጣ ቀኑ ብዙ ለውጥ የለውም፤ ጠዋት ላኪ፣ ማታ ገጽ ሲዘጋ አትላኪ።

የትብብር ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ከትምህርት ክፍልሽ ስትጠይቂ በጋዜጣው ስም እንዲጻፍ አድርጊ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና ፊርማ ይኑረው፤ ያንቺ ስምና የጥናቱ ርዕስ በኢሜይሉ ውስጥ ካለው ጋር በፊደል ደረጃ አንድ ይሁን። የግል ጋዜጣ አዘጋጅ ደብዳቤውን እንደ ማረጋገጫ ብቻ ያየዋል፤ በመንግሥት ጋዜጣ ግን ያለ እሱ አንድ እርምጃ አትሄጂም። እዚያ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይወጣለትና ኃላፊው ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፤ ኢሜይሉ አዘጋጁ ጋ ቢደርስም «ደብዳቤሽ ይመራልኝ» ነው የሚሉሽ። ወደፊት ሁለተኛ ጋዜጣ ከጨመርሽና የመንግሥት ከሆነ፣ ዋናውን ደብዳቤ በእጅሽ ወይም በሰው አስገቢና የገባበትን ቁጥር በኢሜይሉ ላይ ጥቀሺ።

ደብዳቤውን በስልክ ካሜራ አንስተሽ ሦስት ፎቶ አድርገሽ አትላኪ። በስካነር መተግበሪያ አንድ ፒዲኤፍ አድርጊው፤ የፋይሉ ስም ራሱ እንዲናገር `Hawassa_University_Letter.pdf` በዪው፤ `scan0012.pdf` የሚል ፋይል ለመክፈት ሰው ያመነታል። የኢሜይሉ ጽሑፍ ግን አባሪ ውስጥ አይግባ፤ በቀጥታ በኢሜይሉ ገጽ ላይ ይሁን። የጥያቄዎችሽን ነጥቦች በድሮው የግእዝ ፊደል ፕሮግራም የጻፍሻቸው ከሆነ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ ይሆናሉ። በዩኒኮድ ጻፊ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ይበቃል። ፒዲኤፍ አድርገሽ ለራስሽ ሌላ አድራሻ ላኪና በስልክ ከፍተሽ እይ። የላኪ ስምሽም «ሊሊ ቆንጆ» ወይም የወንድምሽ ስም ሆኖ እንዳይታይ የኢሜይልሽን ቅንብር ፈትሺ፤ የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ካለሽ በእሱ ላኪ።

አሁን አንቺ ያለሽበት ሁኔታ ደግሞ ትንሽ ይለያል፤ አንድ ኢሜይል ቀድሞ ሄዷል። አዲሱን ለብቻው በአዲስ ርዕስ ላኪው እንጂ በአሮጌው ሥር «ለምን አልመለሱልኝም» ብለሽ አትቀጥዪ። ከሰላምታው ቀጥሎ «ቀደም ሲል አጠር ያለ መልእክት ልኬ ነበር፤ ይህ በምትኩ የተሟላው ነው» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። በሳምንቱ፣ ማለትም ማክሰኞ ኅዳር 16፣ መልስ ከሌለ በዚያው በአዲሱ ኢሜይል ሥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ «ባለፈው ማክሰኞ ስለላክሁት የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ለማስታወስ ነው። ኅዳር 23 ወይም 24 ካልተመቸ በስልክ 20 ደቂቃም ይበቃኛል።» ሰዓቱን ማሳጠርሽ አዲስ ነገር ስለሆነ ማስታወሻው ጭቅጭቅ አይመስልም። 20 ደቂቃ ከሆነ አራት ጥያቄ ብቻ ያዢ። ከዚያ ሁለት ቀን ቆይተሽ ለዝግጅት ክፍሉ ስልክ ደውዪ፤ ኢሜይሉን አይተውት እንደሆነ ጠይቂ እንጂ ጉዳዩን በስልክ ለጸሐፊዋ ሁሉን አትዘርዝሪ። ይህም ካልሆነ ለምክትል ዋና አዘጋጁ በስማቸው አዲስ ኢሜይል ይጻፋል፤ ዋና አዘጋጁን ጠይቀሽ እንዳልተሳካልሽ ሳትደብቂ። ውስጥ ለውስጥ ስለሚነጋገሩ ደብቀሽ ብትሄጂ ሁለቱንም ታጪያለሽ።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ጥያቄዎቹን ላኪልኝና በጽሑፍ እመልሳለሁ» የሚል ነው። ወዲያው እሺ አትበዪ፤ በጽሑፍ የሚመጣው መልስ ለሕዝብ እንደሚወጣ መግለጫ የተስተካከለ ይሆናል፤ አንቺ የምትፈልጊው «ያን ሳምንት ዘጋቢ ያልላክነው መኪና ስላልነበረ ነው» የሚለውን ዓይነት ዝርዝር አይወጣበትም። ስምንቱን ጥያቄ ላኪላቸው፤ አብረሽም «በጽሑፍ ከመለሱልኝ በኋላ ስለ ሁለት ዘገባዎች ብቻ ለ10 ደቂቃ በስልክ ቢያብራሩልኝ» ብለሽ ጠይቂ፤ የትኞቹ ሁለት እንደሆኑም ከነዕትም ቀናቸው ጻፊ። ሰው ስለ ፖሊሲ ሲጠየቅ በጥቅሉ ይመልሳል፤ እጁ ላይ ስላለፈ አንድ ዘገባ ሲጠየቅ ግን ያን ሳምንት የሆነውን ያስታውሳል። የአሞራ ገደሎቹን ሁለት ዘገባዎች ምረጪ።